ማታ የተነበበ ቆጣሪ

ምግብ ቤት ካለዎት ዛሬ ማታ አንድ ነገር ያድርጉ። የመጨረሻው እንግዳ ወጥቶ፣ ሳህኑ ታጥቦ፣ በሩ ሊቆለፍ ሲል ወደ ቆጣሪው ይሂዱና ቁጥሩን ከነሰዓቱ ይጻፉ። ንጋት ላይ ቀድሞ የሚገባው ሰው ደግሞ አንድም ማብሪያ ሳይነካ ቁጥሩን ይጻፍ። የካርድ ቆጣሪ ከሆነ የቀረው መጠን በምን ያህል እንደቀነሰ ይታያል። በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት አንድም ሰው ሳይበላ፣ አንድም እንጀራ ሳይጋገር ቤቱ ብቻውን የበላው መብራት ነው።

ይህን ቁጥር አስቀድሜ የማነሳው፣ ብዙ ባለ ምግብ ቤቶች ወጪ ለመቀነስ ሲያስቡ የመጀመሪያው ሐሳባቸው አዲስ ዕቃ መግዛት ስለሆነ ነው። አዲስ ፍሪጅ፣ አዲስ ኦቨን፣ አዲስ አምፖል። ዕቃው ግን ብዙ ጊዜ ደኅና ነው፤ ችግሩ የሚበራበትና የሚጠፋበት ሰዓት ነው። ሰዓቱን ለማስተካከል ደግሞ ከወረቀትና ከእስክሪብቶ በቀር የሚገዛ ነገር የለም።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ግልጽ ይሁን። በአገራችን አብዛኛው ምግብ ቤት በሚከፍልበት አጠቃላይ የንግድ ታሪፍ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ቀንም ሌሊትም አንድ ነው። ኪሎዋት ሰዓት ማለት አንድ ሺህ ዋት የሚስብ ዕቃ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ የሚበላው መጠን ነው፤ ቆጣሪው የሚቆጥረውም እሱን ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራን ከቀን ወደ ሌሊት ማዛወር በራሱ ብር አያድንም። የሚያድነው ዕቃው ምግብ ሳይኖርበት የሚግልበትን፣ ሰው ሳይኖር የሚበራበትን ሰዓት መቁረጥ ነው። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ፣ ዛሬ የተቆረጠ ሰዓት በመጪው ዓመት የሚያድነው ብር ይበዛል።

ውጭ አገር ምግብ ቤት ለከፈቱ ወገኖቻችን ግን ጉዳዩ ይለያል። እስራኤል ውስጥ ዋጋው በሰዓት የሚለያይበት ታሪፍ ላይ ያለ ምግብ ቤት፣ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ባሉት የበጋ ወራት ከእሑድ እስከ ሐሙስ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ከፍተኛውን ዋጋ ይከፍላል። ያ ደግሞ ራት የሚቀርብበት ሰዓት ነው። እዚያ እንጀራውን ጠዋት ጋግሮ መጨረስ ብቻውን ሒሳብ ይቀንሳል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ አከፋፋዮች ለንግድ ቤት ሁለት ሒሳብ ያስከፍላሉ። አንዱ ለተበላው ጠቅላላ መጠን ነው። ሌላው በወሩ ውስጥ አንዴ፣ ለ15 ወይም ለ30 ደቂቃ ለተሳበው ትልቁ ጭነት ነው። ሁለት ምጣድና ኦቨን አንድ ጠዋት ላይ አብረው ከተነሱ የዚያች ሩብ ሰዓት ዋጋ የወሩን ሒሳብ ሙሉ ይከተላል። እነሱ በግማሽ ሰዓት እያራራቁ ማስነሳት ይጠቅማቸዋል። እዚህም ቢሆን ብሬከር እየወረደ ለሚያስቸግረው ቤት ማራራቁ አይከፋም።

አሁን አንድ ቤት በዓይነ ሕሊናችን እንይ። ስልሳ ሰው የሚያስተናግድ፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ አንድ ኦቨን፣ የቡና ማሽን፣ የለስላሳና የቢራ ባለ መስታወት ፍሪጅ፣ ባለ ሁለት በር ትልቅ ፍሪጅ፣ ሁለት ዲፕ ፍሪዘር፣ አዳራሹ ውስጥ ሃያ አራት ፍሎረሰንት ያለው ቤት። በቀን ወደ 120 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል እንበል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ያስላኋቸው ናቸው፤ የራስዎ ቤት ቁጥር ሌላ ይሆናል፣ የአሠራሩ መንገድ ግን ያው ነው።

የዚህ ቤት ባለቤት ምሽት 4 ሰዓት ላይ ቆጣሪዋን አንብባ ዘጋች። ጋጋሪዋ ንጋት 11 ሰዓት ስትገባ ምጣድ ከማስነሳቷ በፊት አነበበች። ልዩነቱ 14 ኪሎዋት ሰዓት ሆነ። በሰባት ሰዓት 14 ማለት ሌሊቱን ሙሉ ሁለት ሺህ ዋት ሲሳብ አደረ ማለት ነው። አራቱ ማቀዝቀዣዎች አንድ ላይ በቀን 17 ገደማ ቢበሉ፣ በሰባት ሰዓት የሚደርስባቸው 5 ነው። የቀረው 9 የት ሄደ?

ፍለጋው ቀላል ነው። በሚቀጥለው ምሽት ከመዝጋቷ በፊት ቤቱን በጆሮና በእጅ ዞረችው። የቡና ማሽኑ ጠዋት ቶሎ እንዲደርስ ተብሎ ሳይጠፋ ነው የሚያድረው፤ ጎኑ ሲነካ ይፋጃል። ቦይለሩን በግለቱ ለማቆየት በአማካይ 600 ዋት ቢስብ በሰባት ሰዓት 4 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የውጭው ታፔላ ከነመብራቱ 2 ያህል ይወስዳል። የወጥ ቤቱ መብራት ማጥፊያው ከመደርደሪያ ኋላ ስለሆነ ማንም አይነካውም፤ እሱም አንድ ተኩል ይጠጋል። የተረፈው ደግሞ ግድግዳው በበረዶ ተጋግሮ ሞተሩ ያለ ዕረፍት የሚሠራው አሮጌ ፍሪዘር ነው። የቡና ማሽኑ ቢጠፋ ጠዋት ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ጋጋሪዋ ግን ከመጀመሪያው ደንበኛ በፊት ከአንድ ሰዓት በላይ እዚያው አለች። ስትገባ ታስነሳዋለች፣ በቃ።

እዚህ ላይ አንድ ሥር የሰደደ እምነት ይነሳል፦ «አጥፍቶ እንደገና ማስነሳት የበለጠ ይበላል» የሚል። ይህን ከወጥ ቤት ሠራተኞችም ከባለቤቶችም እሰማለሁ፤ ስሕተት መሆኑን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። የጋለ ኦቨን የተቀደደ እንስራ ማለት ነው። ውኃው በሞላ ቁጥር በቀዳዳው በኃይል ይፈሳል፣ በጎደለ ቁጥር ፍሰቱ ይደክማል። እንስራውን ቀኑን ሙሉ እየሞሉ ማቆየት ከፈለጉ ቀኑን ሙሉ በኃይል የሚፈሰውን መተካት አለብዎት። ቢተዉትና ሲፈልጉት ቢሞሉት ግን የሚጨምሩት በመሐሉ የፈሰሰውን ብቻ ነው፤ እሱም እየጎደለ ሲሄድ ቀስ ብሎ የፈሰሰ ስለሆነ ከመጀመሪያው ያንሳል። ሙቀትም እንዲሁ ነው። የጠፋ ኦቨን እየበረደ ሲሄድ የሚያጣው ሙቀት እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ አጥፍቶ ማስነሳት ከማቆየት ያነሰ እንጂ የበለጠ አይበላም። እውነተኛው ገደብ ጊዜ ነው፤ ኦቨኑ ለመጋል ግማሽ ሰዓት ከፈለገ ትእዛዙ ከመምጣቱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መነሳት አለበት።

የምሳሌያችን ቤት ኦቨን 6 ኪሎዋት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ይነሳና ማታ 3 ሰዓት ይጠፋል፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ። ምግብ ውስጡ የሚገባው ግን በአራት ሰዓት ውስጥ ነው። ባዶውን እየበራ የሚስበውን ለማወቅ የሚከተለውን ማድረግ ይቻላል። ኦቨኑ ግሎ ከረጋ በኋላ ሌላውን ዕቃ ለጥቂት ጊዜ ማጥፋትና ቆጣሪው በሃያ ደቂቃ ስንት እንደሄደ ማየት ነው። ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ከሄደ በሰዓት አንድ ተኩል እየበላ ነው ማለት ነው። ምሳ ከ6 እስከ 8 ሰዓት፣ ራት ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ቢሆን፣ ኦቨኑ ከረፋዱ 5 እስከ 8፣ ከዚያም ከ12 እስከ 3 ሰዓት ቢበራ ይበቃል። ስድስት ባዶ ሰዓት ተቆረጠ፤ 9 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከዚህ ላይ ከሰዓት በኋላ ለማሞቅ 2 ያህል ይመለሳል፤ ሰባት ተረፈ። ዳቦውና ኬኩም በመሐል ለብቻቸው ኦቨን ከሚያስነሱ፣ የምሳው ሥራ እንዳለቀ ግለቱ ሳይበርድ ይግቡ። ከፍተኛ ሙቀት የሚፈልገው መጀመሪያ፣ ዝቅተኛ የሚፈልገው በኋላ ከሆነ ኦቨኑ እየበረደ ያለበት ጊዜ ራሱ ሥራ ይሠራል።

ምጣድ ላይ ያለው ብክነት ከኦቨን ይልቅ ለዓይን ይሰወራል፤ ምክንያቱ ደግሞ ከሊጡ ይመጣል። አንድ ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል፤ ሸክላው ወፍራም ስለሆነ ለመጋል ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። በዚህ ቤት ጋጋሪዋ 11 ሰዓት ላይ ሁለቱንም ታስነሳለች፤ ሊጡ የሚደርሰው ግን 12 ሰዓት ነው። በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር የአዲስ አበባ ንጋት ሲቀዘቅዝ አብሲት የተጣለበት ሊጥ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፤ ምጣዱም ባዶውን ይጠብቀዋል። ስለዚህ የምጣዱ ሰዓት መሆን ያለበት የግድግዳው ሳይሆን የሊጡ ነው። ሊጡ ኩፍ ማለት ሲጀምር ምጣዱ ይነሳ። ቅዝቃዜው ካስቸገረ ሊጡን ማታ ሞቅ ያለ ቦታ ማሳደር ምንም አያስወጣም።

ይህ ብቻ አይደለም። ቤቱ ጠዋት መቶ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አምሳ እንጀራ ነው የሚጋግረው፤ ለሁለተኛው ዙር ምጣዶቹ ግማሽ ሰዓት ቀድመው እንደገና ይነሳሉ። መቶ ሃምሳውን በአንድ ዙር መጋገር ይቻላል፤ በሁለት ምጣድ በሰዓት አርባ ገደማ ቢወጣ አራት ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው። ማታ የሚበላው እንጀራ እንዳያልበው አስቀድሞ ሰፌድ ላይ በደንብ በርዶ፣ ከዚያ ነው መከደን ያለበት። ሲቆጠር፣ ጠዋት አርባ ደቂቃ በሰባት ኪሎዋት 4.7፣ የቀረው ሁለተኛ ማሞቂያ 3.5 ይሆናል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍቶ በግለቱ መጋገር ደግሞ አንድ ገደማ ያክላል። ልምድ ያላቸው ጋጋሪዎች ይህን ድሮም ያውቁታል፤ የሚጎድለው ያስተዋለላቸው ባለቤት ነው። በድምሩ በቀን 9 ኪሎዋት ሰዓት። ለራት ትኩስ እንጀራ ማቅረብ መለያው የሆነ ቤት ግን ሁለተኛውን ዙር ሊተወው አይገባም፤ ቢያንስ የቅድሚያ ማሞቂያውን ማሳጠር ይችላል።

ማቀዝቀዣ ላይ ሲደርስ ሕጉ ይገለበጣል። ኦቨን ሲጠፋ የሚጎዳ የለም፤ ሥጋና ወተት ያለበት ፍሪጅ ሌሊት ሲጠፋ ግን ሰው ይታመማል። ወጪ ለመቆጠብ ብለው ማታ ፍሪጅ የሚነቅሉ ቤቶች አሉ፤ ይህን ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። ፍሪጁ 4 ዲግሪ ላይ፣ ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ላይ መቆየት አለባቸው፤ ትንሽ ቴርሞሜትር ውስጣቸው ማስቀመጥ ከሁሉ ይቀድማል። የማቀዝቀዣ ሰዓት ማስተካከል ማለት መቼ እንደሚጠፋ ሳይሆን ምን፣ መቼ እንደሚገባበት መወሰን ነው።

ለምሳሌ ሃያ ኪሎ የተረፈ ወጥ ከእሳት እንደወረደ 80 ዲግሪ ላይ እያለ ፍሪጅ ቢገባ፣ ወደ 4 ዲግሪ ለማውረድ አንድ ተኩል ኪሎዋት ሰዓት የሚያህል ሙቀት መውጣት አለበት። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ እንፋሎቱ ነው። ፍሪጁ ውስጥ በረዶ ሆኖ ይጋገራል፣ ጎን ያለውን ወተትና ሥጋም ያሞቃል። ድስቱ ቀዝቃዛ ውኃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ እየተማሰለ ወደ 25 ዲግሪ ቢወርድ፣ ከሙቀቱ ሦስት አራተኛ የሚጠጋው ያለ መብራት ወጣ ማለት ነው። ግን ለነገ ይደርሳል ተብሎ ሌሊቱን ወጥ ቤት ውስጥ ማሳደር አይቻልም። በምግብ ንጽሕና ደንብ የታወቀው ገደብ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ21 ዲግሪ በታች፣ ከዚያ በአራት ሰዓት ውስጥ 5 ዲግሪ መድረስ ነው። ከጥልቅ ድስት ይልቅ በዝርግ ትሪ፣ ከአራት ጣት በማይበልጥ ጥልቀት ከተከፋፈለ ይህ በቀላሉ ይሆናል።

የመጠጥ ፍሪጁስ? ብዙ ቤት ሳጥኑን የሚጨምረው ምሳ ሰዓት ላይ፣ ወጥ ቤቱ በጋለበት፣ በሩም በየደቂቃው በሚከፈትበት ጊዜ ነው። ማታ ሲዘጋ ቢሞላ ሞተሩ ሙቀቱን የሚጥለው በቀዝቃዛው ሌሊት አየር ውስጥ ስለሆነ ለዚያው ሥራ ያነሰ መብራት ይበላል፤ ጠዋትም ጠርሙሱ ቀዝቅዞ ይጠብቃል። የፍሪጁን የመስታወት መብራት ግን ማጥፋት ይገባል። ፍሪጆቹ ጀርባቸው ከግድግዳ እንዲርቅ፣ ከምጣድም እንዳይጎራበቱ ማድረግ፣ የጀርባውን አቧራ መጥረግ፣ የበሩን ጎማ መፈተሽ ይጨመርበት። ጎማውን ለመፈተሽ አንድ ብር ኖት በበሩ ይዝጉበትና ይሳቡት፤ ያለ ችግር ከወጣ ቅዝቃዜውም በዚያው ይወጣል።

መብራት ሲሄድ የፍሪዘሩ በር አይከፈት። የሞላ ፍሪዘር ሁለት ቀን፣ ግማሹ ባዶ የሆነ አንድ ቀን ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ፍሪጅ ግን ከአራት ሰዓት አያልፍም። ባዶውን ቦታ በውኃ በተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች መሙላት ለዚህ ይረዳል። መብራቱ ሲመለስ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስነሳት ሞተር ያቃጥላል፤ አምስት ደቂቃ ጠብቆ አንድ በአንድ ማስነሳት ይሻላል።

አዳራሹን በአጭሩ ልለፈው። አሮጌ ፍሎረሰንት ከነማስነሻው 45 ዋት ገደማ ይስባል፤ ሃያ አራቱ ከጠዋት 1 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ሲበሩ በቀን 15 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች በዓመት ውስጥ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ የመብራት ሰዓት አንድ ጊዜ ከተወሰነ ከክረምት ደመና በቀር ለውጥ አያሻውም። በመስኮት በኩል ያሉት አሥራ ሁለቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ቢጠፉ አምስት ኪሎዋት ሰዓት ይቀራል። ለዚህ የሚያስፈልገው የመስኮቱ ረድፍ የራሱ ማጥፊያ እንዲኖረው ኤሌክትሪሺያን ግማሽ ቀን ማሠራት ነው። ኤልኢዲ የሚገዛው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያኔም ማታ ብዙ የሚበራው ረድፍ ይቅደም።

ከምጣድ 9፣ ከኦቨን 7፣ ከአዳራሽ 5፣ ከሌሊቱ 7፤ በቀን 28 ኪሎዋት ሰዓት። በወር 840 ይሆናል፣ ከጠቅላላው ሩብ ሊሆን ጥቂት የሚጎድለው። ይህን ሁሉ የሚያፈርሰው አንድ ነገር ነው፤ ማን እንደሚያጠፋ አለመታወቁ። ኦቨኑን 8 ሰዓት ላይ የሚያጠፋው ሼፉ ነው ወይስ ረዳቱ? ከማብሪያው ጎን ሰዓቱና የሥራ ድርሻው በትልቅ ፊደል ይለጠፍ፣ የሌሊቱ ንባብም በየቀኑ በአንድ ደብተር ይጻፍ። የሌሊቱ ልዩነት በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ7 ወደ 11 ከዘለለ ወይ የቡና ማሽኑ ሳይጠፋ አድሯል፣ ወይ አንድ ፍሪዘር መታመም ጀምሯል።

በመጨረሻ የሁዳዴ ነገር አለ። የጾም ምግብ ብቻ የሚያቀርብ ቤት 55 ቀን ሥጋ የማይገባበት ፍሪዘር ይኖረዋል። ከቅበላው ሳምንት አስቀድሞ የሥጋው ግዢ ቀንሶ ያለው ይለቅ፤ ፍሪዘሩ ይነቀል፣ በረዶው ይቅለጥ፣ በደንብ ይድረቅ፤ ክዳኑ እንዳይሸት በእንጨት ገርበብ ብሎ ይቆይ። በቀን 3 ኪሎዋት ሰዓት የሚበላ ከሆነ ጾሙ እስኪፈታ 160 ያህል ይተርፋል። የሚነሳው ግን የፋሲካ ዋዜማ ሥጋው በር ላይ ሲደርስ አይደለም። ስቅለት ዓርብ ጠዋት ባዶውን ይነሳ፣ ቅዳሜ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 18 ማሳየቱ ይታይ፤ ሥጋው ከዚያ በኋላ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ ይግባ።